የኒሞኮከስ ክትባት ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ወይም የሲክል ሴል በሽታ ላለባቸው አዋቂዎች፦ ስንት ጊዜ መውሰድ ያስፈልጋል?

ጠቅላላ መግለጫ

የኒሞኮከስ ክትባት ከባድ የሳንባ ምች፣ የማጅራት ገትር እና የደም መመረዝ ከሚያስከትል ባክቴሪያ ይከላከላል። ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለባቸው እና የሲክል ሴል በሽታ ያለባቸው አዋቂዎች ዕድሜያቸው ገና ወጣት ቢሆንም እንኳ ክትባቱን እንዲወስዱ ይመከራል። ከሕሙማን ዘንድ ተደጋግሞ የሚነሣው ጥያቄ ግን «ልውሰድ ወይስ አልውሰድ» የሚል ሳይሆን «ስንት ጊዜ ልውሰድ» የሚል ነው። አንዱ «በሕይወት ዘመን አንድ ጊዜ ይበቃል» ሲባል ሌላው «በየአምስት ዓመቱ መታደስ አለበት» ይባላል። ሁለቱም አባባሎች መነሻ አላቸው፤ ነገር ግን ለሁሉም ሰው አይሠሩም።

ትክክለኛው መልስ በሁለት ነገሮች ላይ የተመሠረተ ነው። የመጀመሪያው የሕመሙ ዓይነት፣ ይኸውም የታማሚው ጣፊያ ሥራውን ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ቀደም ሲል የተሰጠው ክትባት ከሁለቱ የኒሞኮከስ ክትባት ዓይነቶች የትኛው እንደሆነ ነው። ይህ ጽሑፍ ሁለቱን ነጥቦች በቅደም ተከተል ያብራራል። የጊዜ ሰሌዳው የተወሰደው በርካታ አማርኛ ተናጋሪዎች በሚኖሩባት በአሜሪካ፣ የበሽታ መቆጣጠርና መከላከል ማዕከል እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ካሻሻለው የአዋቂዎች መመሪያ ነው። በሌላ አገር የሚኖሩ አንባቢያን የሚኖሩበት አገር ሰሌዳ ሊለይ ስለሚችል ከሐኪማቸው ጋር ያመሳክሩ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለቱ ሕመሞች ለምን ይለያያሉ?

የኒሞኮከስ ባክቴሪያ በብዙ ጤነኛ ሰዎች አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ጉዳት ሳያደርስ ይኖራል። አደገኛ የሚሆነው ከዚያ ወርዶ ወደ ሳንባ፣ ወይም አልፎ ወደ ደም ሲገባ ነው። ባክቴሪያው ከስኳር የተሠራ ወፍራም ሽፋን አለው። ይህ ሽፋን የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት በቀላሉ እንዳይውጡት ያደርጋል። በሽፋናቸው አሠራር የሚለያዩ ከ100 በላይ የኒሞኮከስ ዝርያዎች ይታወቃሉ። በክትባቶቹ ስም ላይ የሚታየው ቁጥርም ክትባቱ የሚከላከላቸውን ዝርያዎች ብዛት ያመለክታል።

ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ዋና ችግሩ በአየር መተላለፊያ ቱቦዎች ላይ ነው። የጠበቡ ወይም የተጎዱ ቱቦዎች አክታንና በውስጡ ያሉትን ባክቴሪያዎች ጠርገው ለማስወጣት ይቸገራሉ። ስለዚህ ባክቴሪያው ሳንባ ውስጥ ሥር ለመስደድ ዕድል ያገኛል፤ ቀድሞውንም የደከመው ሳንባም የሳንባ ምች ሲጨመርበት በቂ አየር ለማስተላለፍ ያቅተዋል። ይሁን እንጂ በአብዛኞቹ የሳንባ ሕሙማን ላይ ደምን የሚያጣራው ጣፊያ እና ፀረ እንግዳ አካላትን የሚያመርተው የመከላከያ ሥርዓት ሥራቸውን ይሠራሉ። ሰውነታቸው ክትባቱን ተቀብሎ ምላሽ ይሰጣል ማለት ነው።

በዚህ ክፍል ውስጥ የሚካተቱት ሥር የሰደደ የአየር ቧንቧ ጥበት፣ ኤምፊዚማ፣ ብሮንኪኤክታሲስ እና የሳንባ መጠንከር የመሳሰሉት ናቸው። በአሜሪካ መመሪያ መሠረት አስም ያለባቸው አዋቂዎችም ይካተታሉ። ሲጋራ የሚያጨሱ ሰዎች ደግሞ የተመረመረ የሳንባ ሕመም ባይኖርባቸውም በማጨሳቸው ብቻ ክትባቱ ይመከርላቸዋል።

በሲክል ሴል በሽታ ላይ ችግሩ ሌላ ነው። የማጭድ ቅርጽ የያዙት ቀይ የደም ሕዋሳት የጣፊያን ጥቃቅን የደም ሥሮች እየዘጉ አካሉን ቀስ በቀስ ያደርቁታል። ከሁለቱም ወላጆች የሲክል ዘረመል በወረሱ ልጆች ላይ ጣፊያው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ የልጅነት ዓመታት ሥራውን ያቆማል። ጣፊያ ደግሞ የስኳር ሽፋን ያላቸውን ባክቴሪያዎች ከደም ውስጥ አጣርቶ የሚያጠፋ ዋና አካል ነው። ጣፊያው በማይሠራ ሰው ደም ውስጥ የገባ ኒሞኮከስ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ተባዝቶ ለሕይወት አስጊ የሆነ የደም መመረዝ ሊያስከትል ይችላል። በዚህ ምክንያት የሲክል ሴል በሽታ በክትባት መመሪያዎች ውስጥ የሚመደበው ከሳንባ ሕመም ጋር ሳይሆን የመከላከያ አቅምን ከሚቀንሱ ሕመሞች ጋር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መታወቅ አለበት። የሲክል ዘረመልን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰና ሌላኛው ዘረመሉ ጤነኛ የሆነ ሰው የዘረመሉ ተሸካሚ ይባላል እንጂ የሲክል ሴል ሕመምተኛ አይደለም። ተሸካሚ መሆን ብቻውን ለዚህ ክትባት ምክንያት አይሆንም።

ሁለቱ የክትባት ዓይነቶች

«በየአምስት ዓመቱ» የሚለው አባባል ከየት እንደመጣ ለመረዳት በክትባቶቹ መካከል ያለውን ልዩነት ማወቅ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ዓይነት የፖሊሳካራይድ ክትባት ነው። በሥራ ላይ የሚገኘው ፒፒኤስቪ23 የሚባለው ሲሆን በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው በ1983 ነው። ክትባቱ የተሠራው ከ23 የባክቴሪያ ዝርያዎች የስኳር ሽፋን ብቻ ነው። ሰውነት ለስኳሩ ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል፤ ነገር ግን ዘላቂ የመከላከያ ትውስታ አይፈጥርም። የተመረተው ፀረ እንግዳ አካል ከዓመታት በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ሲቀንስ የሚተካው አዲስ ምርት በራሱ አይነሣም። ይህ መቀነስ ጣፊያቸው በማይሠራ ሰዎች ላይ ይበልጥ አሳሳቢ ነው። ለእነርሱ ከአምስት ዓመት በኋላ እንዲደገም የታዘዘው በዚህ ምክንያት ነው። በእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ለረጅም ዓመታት በሠራው አሠራር ይህ ክትባት ለሳንባ ሕሙማን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጣፊያቸው ለማይሠራ ሰዎች ግን በየአምስት ዓመቱ ሲሰጥ ቆይቷል። ብዙ ሰዎች የሰሙት የአምስት ዓመት ሕግ ይኸው ነው፤ ሕጉ የተጻፈው ለሁሉም ሕሙማን እና ለሁሉም ክትባት አልነበረም።

ሁለተኛው ዓይነት የተጣመረ ወይም ኮንጁጌት ክትባት ይባላል። በዚህ ዓይነት ክትባት የባክቴሪያው ስኳር ከአንድ ፕሮቲን ጋር ተያይዞ ይሰጣል። ፕሮቲኑ የመከላከያ ሥርዓቱን ረዳት ሕዋሳት ስለሚያነቃቃ ሰውነት ጠንካራ ምላሽ ከመስጠቱም በላይ ትውስታ ይይዛል። በኋላ ባክቴሪያው ሲመጣ ምርቱ እንደገና ይቀሰቀሳል። ከዚህ ዓይነት ውስጥ ቀደም ሲል በስፋት ይሰጥ የነበረው ፒሲቪ13 ነው። በ2021 ፒሲቪ15 እና ፒሲቪ20፣ በ2024 ደግሞ ፒሲቪ21 በአሜሪካ ለአዋቂዎች ተፈቅደዋል። አሁን ያለው የአዋቂዎች ሰሌዳ የተገነባው በእነዚህ ላይ ነው።

ከዚህ በፊት የኒሞኮከስ ክትባት ላልወሰዱ

ዕድሜያቸው ከ19 እስከ 49 ዓመት የሆነ፣ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ወይም የሲክል ሴል በሽታ ያለባቸው እና ከዚህ በፊት የተጣመረ ክትባት ያልወሰዱ ሰዎች አንድ ጊዜ ፒሲቪ20 ወይም ፒሲቪ21 ይወስዳሉ። ከሁለቱ አንዱ ከተሰጠ ክትባቱ ተጠናቋል። ለሁለቱም ሕሙማን፣ የሲክል ሴል ሕመምተኛን ጨምሮ፣ በአሁኑ መመሪያ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚታዘዝ ሌላ የኒሞኮከስ ክትባት የለም። ዕድሜያቸው 50 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ አዋቂዎች ደግሞ ሕመም ባይኖርባቸውም ክትባቱ ይመከርላቸዋል።

የተገኘው ክትባት ፒሲቪ15 ከሆነ ግን አንዱ ብቻውን አይበቃም፤ በፒፒኤስቪ23 መከተል አለበት። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ለሳንባ ሕመምተኛ ቢያንስ አንድ ዓመት ነው። ለሲክል ሴል ሕመምተኛ ያለ መከላከያ የሚቆይበትን ጊዜ ለማሳጠር ወደ ስምንት ሳምንት ዝቅ ሊል ይችላል። ሁለቱ ከተሰጡ በኋላ ክትባቱ እንደተጠናቀቀ ይቆጠራል።

ቀደም ሲል ክትባት የወሰዱ የሳንባ ሕሙማን

ቀደም ሲል ፒፒኤስቪ23 ብቻ የወሰደ የሳንባ ሕመምተኛ ያንኑ ክትባት መድገም አይጠበቅበትም። የሚያስፈልገው ከፒፒኤስቪ23 በኋላ ቢያንስ አንድ ዓመት ቆይቶ አንድ የተጣመረ ክትባት፣ ይኸውም ፒሲቪ20 ወይም ፒሲቪ21 መውሰድ ነው። ፒሲቪ13 ብቻ የወሰደ ሰውም እንዲሁ ከአንድ ዓመት በኋላ ከሁለቱ አንዱን ወስዶ ያጠናቅቃል።

ፒሲቪ13ንም ፒፒኤስቪ23ንም የወሰደ፣ ዕድሜው ከ50 ዓመት በታች የሆነ የሳንባ ሕመምተኛ ለጊዜው ምንም አይጨመርለትም። 50 ዓመት ሲሞላው ሁኔታው እንደገና ይታያል፤ ከመጨረሻው የኒሞኮከስ ክትባት አምስት ዓመት አልፎ ከሆነ አንድ ፒሲቪ20 ወይም ፒሲቪ21 ይወስዳል። እዚህ ላይ የአምስት ዓመቱ ቁጥር መጠበቂያ ጊዜ ነው እንጂ በየጊዜው የሚደጋገም ዙር አይደለም።

ከዚህ ሕግ የሚወጣ አንድ ሁኔታ አለ። ለሳንባው ወይም ለሌላ ሕመም ሲባል እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ በከፍተኛ መጠን በአፍ የሚወስድ ሰው የመከላከያ አቅሙ ሊቀንስ ስለሚችል በሰሌዳው ላይ የሚመደበው ከሁለተኛው ወገን ጋር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ክትባት ሰጪውን ባለሙያ ሲያነጋግሩ የሕመሙን ስም ብቻ ሳይሆን የሚወስዱትን መድኃኒት ዓይነት፣ መጠን እና የቆይታ ጊዜ ጭምር ይንገሩ። በአፍ የሚነፋ የአስም መድኃኒት ብቻ መጠቀም ከዚህ ምድብ ውስጥ አያስገባም።

ቀደም ሲል ክትባት የወሰዱ የሲክል ሴል ሕሙማን

ፒፒኤስቪ23 ብቻ የወሰደ የሲክል ሴል ሕመምተኛ «ተከትቤያለሁ» ብሎ መቀመጥ የለበትም። ከአንድ ዓመት በኋላ ፒሲቪ20 ወይም ፒሲቪ21 መውሰድ ይገባዋል። ፒሲቪ13 ብቻ የወሰደም እንዲሁ ከአንድ ዓመት በኋላ ከሁለቱ አንዱን ይወስዳል።

ከሳንባ ሕመምተኛው የሚለየው ሁለቱንም ክትባቶች ሲወስድ ነው። ፒሲቪ13 እና አንድ ፒፒኤስቪ23 የወሰደ የሲክል ሴል ሕመምተኛ 50 ዓመት እስኪሞላው አይጠብቅም። ከመጨረሻው ክትባት አምስት ዓመት ሲያልፍ አንድ ፒሲቪ20 ወይም ፒሲቪ21 ወስዶ ያጠናቅቃል። እነዚህ በማይገኙበት ቦታ ሌላው አማራጭ ሁለተኛ ፒፒኤስቪ23 መውሰድ ነው። ለዚህም ከፒሲቪ13 ቢያንስ ስምንት ሳምንት፣ ከመጀመሪያው ፒፒኤስቪ23 ደግሞ ቢያንስ አምስት ዓመት ማለፍ አለበት። ይህን አማራጭ የመረጠ ሰው ግን አልተጠናቀቀለትም፤ ወደ ፊት እንደገና መታየት ይኖርበታል። የተጣመረው ክትባት ጥቅም በዚህ ይታያል፤ አንዱ ሲሰጥ ቀጠሮውን ይዘጋዋል።

ሁለት ምሳሌዎች

ሕጎቹ በተግባር እንዴት እንደሚሠሩ ለማሳየት ሁለት ምሳሌዎችን እንመልከት።

አንድ የ47 ዓመት ሰው ሥር የሰደደ የአየር ቧንቧ ጥበት አለበት። የክትባት ካርዱ በጥቅምት 2018 ፒፒኤስቪ23 እንደተሰጠው ያሳያል፤ ሌላ የኒሞኮከስ ክትባት አልተመዘገበም። ሰውየው «በየአምስት ዓመቱ ይደገማል» የሚለውን ሰምቶ በመስከረም 2025 ያንኑ ክትባት እንዲደግሙለት ይጠይቃል። ባለሙያው ሦስት ነገሮችን ይመለከታል። በመጀመሪያ ሕመሙ የሳንባ ሲሆን ጣፊያውን የሚጎዳ ሕመም ወይም የመከላከያ አቅሙን የሚቀንስ መድኃኒት የለውም፤ ስለዚህ የፒፒኤስቪ23 ድግግሞሽ አይመለከተውም። ሁለተኛ የተጣመረ ክትባት ከቶ አልወሰደም፤ የሚጎድለው ይህ ነው። ሦስተኛ ከፒፒኤስቪ23 በኋላ የሚያስፈልገው አንድ ዓመት ከረጅም ጊዜ በፊት አልፏል። ስለዚህ በዚያው ዕለት ፒሲቪ20 ወይም ፒሲቪ21 ይሰጠዋል። ከሦስት ዓመት በኋላ 50 ዓመት ሲሞላውም ሌላ አይጠበቅበትም።

አንዲት የ28 ዓመት ሴት የሲክል ሴል በሽታ አለባት። በመጋቢት 2014 ፒሲቪ13፣ በሰኔ 2014 ፒፒኤስቪ23፣ በሐምሌ 2019 ደግሞ ሁለተኛ ፒፒኤስቪ23 ወስዳለች። ሦስት ጊዜ ስለተከተበች ከዚህ በኋላ የሚቀራት ያለ አይመስላትም። የመጨረሻው ክትባት የተሰጠው በሐምሌ 2019 ስለሆነ አምስት ዓመቱ በሐምሌ 2024 ሞልቷል። በመስከረም 2025 ወደ ጤና ተቋም ስትመጣ አንድ ፒሲቪ20 ወይም ፒሲቪ21 ሊሰጣት ይችላል፤ ከዚያም ክትባቷ ይጠናቀቃል። የመጣችው በመስከረም 2023 ቢሆን ኖሮ ግን አምስት ዓመቱ ስላልሞላ እስከ ሐምሌ 2024 እንድትጠብቅ ትደረግ ነበር።

የሁለቱን ሰዎች ልዩነት ልብ ይሏል። ለሁለቱም የቀረው አንድ መርፌ ነው። ቀኑን የወሰነው ግን በአንዱ የአንድ ዓመት፣ በሌላዋ የአምስት ዓመት ቆጠራ ነው። ይህን ቆጠራ መሥራት የሚቻለው የክትባቱ ስምና ቀን በካርድ ላይ ተጽፎ ሲገኝ ብቻ ነው።

በተደጋጋሚ የሚያጋጥሙ ስሕተቶች

የመጀመሪያው ስሕተት የክትባቱን ስም አለማወቅ ነው። «የሳንባ ምች ክትባት ወስጃለሁ» የሚለው መልስ ባለሙያውን አይረዳውም፤ ፒፒኤስቪ23 እና ፒሲቪ20 ሁለቱም በዚህ ስም ይጠራሉና። ከተከተቡ በኋላ ስሙን ከነቁጥሩ፣ ቀኑን እና የተሰጠበትን ተቋም በካርድዎ ላይ ማስመዝገብ፣ ካርዱንም በስልክዎ ፎቶ አንሥተው መያዝ ይህን ችግር ያስወግዳል። በአሜሪካ የየግዛቱ የክትባት መዝገብም ብዙ ጊዜ መረጃውን ይይዛል።

ካርዱ የጠፋበትና በመዝገብም ያልተገኘለት ሰው እንዳልተከተበ ተቆጥሮ አንድ ፒሲቪ20 ወይም ፒሲቪ21 ሊሰጠው ይችላል። ምናልባት ቀደም ብሎ ተከትቦ ቢገኝ እንኳ አንድ ተጨማሪ ክትባት ከክንድ ሕመም የከፋ ጉዳት ያስከትላል ተብሎ አይጠበቅም። ካርድ ፍለጋ ክትባቱን ለወራት ማዘግየት ግን ሰውየውን ያለ መከላከያ ያስቀራል።

ሁለተኛው ስሕተት የቅደም ተከተል ነው። ሁለቱም ዓይነት ለሚያስፈልገው ሰው የሚመረጠው የተጣመረው ክትባት ቀድሞ መሰጠቱ ነው። ፒፒኤስቪ23 ቀድሞ ከተሰጠና የተጣመረው ቶሎ ከተከተለ ሰውነት ለሁለተኛው የሚሰጠው ምላሽ ሊደክም ይችላል፤ የአንድ ዓመት ልዩነት የተቀመጠው ለዚህ ነው። ሁለቱ ክትባቶች በአንድ ቀን አይሰጡም።

ሦስተኛው ስሕተት ይህን ክትባት ከኢንፍሉዌንዛ ክትባት ጋር ማደባለቅ ነው። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በየዓመቱ ይሰጣል፤ ምክንያቱም ቫይረሱ በየዓመቱ ይለዋወጣል። የኒሞኮከስ ክትባት በየዓመቱ አይሰጥም። ሁለቱን በአንድ ቀን፣ በተለያየ ክንድ መውሰድ ግን ይቻላል፤ ለሳንባ ሕመምተኛም ምቹ የሆነው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ለኢንፍሉዌንዛ የሚመጣበት ወቅት ነው።

ክትባቱ በሚሰጥበት ዕለት

ክትባቱ በላይኛው የክንድ ጡንቻ ላይ የሚወጋ ሲሆን መጠኑ ግማሽ ሚሊ ሊትር ነው። ከተወጉ በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ የክንድ ሕመም፣ መቅላት ወይም ማበጥ፣ ድካም፣ ራስ ምታትና የጡንቻ ሕመም ሊኖር ይችላል። እነዚህ ብዙውን ጊዜ በራሳቸው ያልፋሉ። ክትባቱ ሕያው ባክቴሪያ ስለሌለበት የሳንባ ምችን ሊያስይዝ አይችልም።

ከዚህ ቀደም በኒሞኮከስ ክትባት ላይ ከባድ አለርጂ፣ ለምሳሌ የመተንፈስ ችግር ወይም የፊትና የጉሮሮ ማበጥ የደረሰበት ሰው አስቀድሞ ይንገር። በተጣመሩት ክትባቶች ውስጥ ያለው ተሸካሚ ፕሮቲን ከዲፍቴሪያ መርዝ ጋር የተዛመደ ስለሆነ ዲፍቴሪያ ባለው ክትባት ላይ ከባድ አለርጂ የነበረበት ሰውም መናገር አለበት። ቀላል ጉንፋን ክትባቱን አያስቀርም፤ ከፍተኛ ትኩሳት ያለው ወይም በሳንባ ሕመሙ መባባስ የታመመ ሰው ግን እስኪያገግም ሊያዘገየው ይችላል። በሲክል ሴል ሕመምተኞች ዘንድ የሚወሰደው ሃይድሮክሲዩሪያ የኒሞኮከስ ክትባትን አያስከለክልም።

ከክትባቱ በኋላም ትኩሳት ቸል አይባልም

ክትባቱ በስሙ ላይ የተጻፉትን ዝርያዎች ብቻ ይከላከላል፤ ከ100 በላይ ከሚታወቁት ውስጥ የቀሩት ያለ መከላከያ ይቆያሉ። በተከተቡ ሰዎችም ላይ መከላከያው ፍጹም አይደለም። ስለዚህ የሲክል ሴል ሕመምተኛ የክትባት ካርዱ የተሟላ ቢሆንም የሰውነቱ ሙቀት 38.5 ዲግሪ ሴልሺየስ (በፋራናይት 101.3) ወይም ከዚያ በላይ ሲደርስ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት። ሌሊት ከሆነ እስኪነጋ፣ ቅዳሜ ከሆነ እስከ ሰኞ መጠበቅ አይገባም። ለባለሙያው የሚነገረው የመጀመሪያው ነገር «ሲክል ሴል አለብኝ፤ ጣፊያዬ አይሠራም» የሚለው ነው፤ ይህን የሰማ ባለሙያ የላቦራቶሪ ውጤት ሳይጠብቅ አንቲባዮቲክ ሊያስጀምር ይችላል።

የሳንባ ሕመምተኛ በበኩሉ የአክታው ቀለም ወደ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሲለወጥና መጠኑ ሲጨምር፣ ትኩሳት ከብርድ ብርድ ማለት ጋር ሲመጣ፣ ሲተነፍስ ደረቱን ሲወጋው ወይም ከወትሮው ይልቅ ትንፋሽ ሲያጥረው ሳይዘገይ መታየት ይገባዋል። ከንፈር ወይም ጥፍር ሲጠቁር፣ ወይም አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጡ መናገር ሲያቅት ሁኔታው የድንገተኛ ሕክምና ነው።

ጣፊያው የማይሠራ ሰው ተጋላጭነቱ በኒሞኮከስ ብቻ አያበቃም። ለማኒንጎኮከስ እና ለሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ዓይነት ለ የሚሰጡ ክትባቶችም ስለሚመለከቱት፣ የኒሞኮከሱን ቀጠሮ ሲያረጋግጥ ስለ እነዚህም ባለሙያውን ይጠይቅ።

በኢትዮጵያ ላሉና ከኢትዮጵያ ለሚሄዱ

በኢትዮጵያ የኒሞኮከስ ክትባት በብሔራዊ መደበኛ የክትባት ፕሮግራም ውስጥ የገባው በ2011 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2004) ሲሆን የሚሰጠው ለሕፃናት ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት በኢትዮጵያ የተወለደ አዋቂ በልጅነቱ ይህን ክትባት በመደበኛው ፕሮግራም አላገኘም። ወደ ውጭ አገር ሄዶ የሕክምና ካርድ የሚከፍት ሰው «በአገሬ ሁሉንም ክትባት ወስጃለሁ» ቢል፣ የወሰዳቸው የኩፍኝ፣ የፖሊዮና ሌሎች ክትባቶች ኒሞኮከስን አያጠቃልሉም። የሳንባ ወይም የሲክል ሴል ሕመም ካለበት ያልተከተበ ተብሎ ከመጀመሪያው ሰሌዳ ይጀምራል፤ ይህም በአብዛኛው አንድ ፒሲቪ20 ወይም ፒሲቪ21 ማለት ነው።

በአገር ውስጥ ሕክምናቸውን የሚከታተሉ የሲክል ሴል እና የሳንባ ሕሙማን ስለ አዋቂዎች ክትባት አቅርቦት የሚከታተላቸውን የደም ወይም የውስጥ ደዌ ሐኪም ይጠይቁ። የሚገኘው ክትባት ፒፒኤስቪ23 ብቻ ከሆነ የተሰጠበት ቀን በጥንቃቄ ይመዝገብ። ለሲክል ሴል ሕመምተኛ ከአምስት ዓመት በኋላ ክትባቱን የመድገም ጥያቄ የሚነሣው፣ የተጣመረ ክትባት በተገኘ ጊዜም የአንድ ዓመቱ ቆጠራ የሚጀምረው ከዚያ ቀን ነው።

በቀጣዩ የሐኪም ቀጠሮ የክትባት ካርድዎን፣ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር እና ካለዎት የደም ምርመራ ውጤት ይዘው ይቅረቡ። በካርዱ ላይ የተጻፈው የመጨረሻው የኒሞኮከስ ክትባት ስም እና ቀን ከሕመምዎ ዓይነት ጋር ሲነጻጸር የሚቀጥለው ክትባት መቼ እንደሆነ፣ ወይም ከዚህ በኋላ እንደማያስፈልግዎ በዚያው ቀጠሮ ማወቅ ይችላሉ።